ለቡና ወዳጅ ስጦታ በትንሽ ብር፦ መፍጫ፣ ቡና ወይስ ኩባያ?

ቡና ለሚወድ ሰው ስጦታ ሲታሰብ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ማግ ነው፣ ያው ልብ ወይ ፎቶ የታተመበት፣ ካልሆነ ደግሞ ስድስት ሲኒ በካርቶን። እዚህ ባሕር ዳር ግን እስኪ ሲኒ የጎደለበት ቤት አሳዩኝ፣ የለም እኮ። ቡና የሚወደው ሰውማ ጀበናውም ሲኒውም ረከቦቱም ከድሮ ጀምሮ አለው፣ እናንተ የሰጣችሁት ቡፌ ውስጥ ገብቶ ለበዓል ብቻ ይወጣል። ስለዚህ ባጀታችሁ ትንሽ ከሆነ ጥያቄውን መቀየር ነው የሚያዋጣው። "ምን ልግዛለት" ከማለት በፊት "ይሄ ሰው ቤት ቡናው የሚበላሸው የቱ ጋ ነው" ብላችሁ አስቡ።

ቡና ከጥሬነቱ ሲኒ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል ወይ ይፈጫል፣ ከዛ ይፈላል። ድሮ ይሄ ሁሉ አንድ ቁጭታ ላይ ነበር የሚያልቀው። አሁን ሥራ የሚውል ሰው፣ ብቻውን ተከራይቶ የሚኖር፣ ተማሪው፣ አዳር የሚሠራው፣ ጠዋት ተነስቶ አይቆላም አይወቅጥም፣ ተቆልቶ የተፈጨ ከሱቅ ይገዛል ወይ እናቱ ከገጠር ፈጭታ በላስቲክ ትልክለታለች። ቡናው የሚሞተው እዛ ጋ ነው፣ ከተፈጨ በኋላ ላስቲክ ውስጥ ሲከርም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሽታውን የሚሰጡት ነገሮች በቀላሉ የሚተኑ ናቸው። ፍሬው ሳይፈጭ እያለ ውስጡ ተዘግተው ይቆያሉ፣ ሲቆላ የተፈጠረው ጋዝም እዛው ታምቆ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ስትፈጩት ግን አንዱ ፍሬ ብዙ መቶ ብናኝ ይሆንና አየር የሚነካው ገላ በአንዴ ይበዛል፣ ጋዙም ሽታውም ያመልጣል፣ ዘይቱም ከአየር ጋር እየተነካካ ይበላሻል። የተቆላ ፍሬ በደንብ ተዘግቶ ከተቀመጠ ሁለት ሦስት ሳምንት ጣሙን ይዞ ይቆያል፣ የተፈጨው ግን በቀናት ውስጥ ነው ጠፍጣፋ የሚሆነው። ጥሬው ደግሞ ደረቅ ቦታ ከሆነ ወራት ይቆያል፣ ለስጦታ ትልቁ ጥቅሙም ይሄ ነው። እንግዲህ ሰውየው ተፈጭቶ የሚገዛ ከሆነ የጎደለው ኩባያ ሳይሆን መፍጫ ነው።

ስለ ተፈጨ ቡና ሌላም ነገር አለ፣ ዋጋው። ቡና ሲቆላ ውኃው ይተናልና ክብደቱ ይቀንሳል፣ እንደ አቆላሉ ከ100ው ወደ 15 ወይ 18 እጅ ይጠፋል፣ በጣም ከጠቆረ ከዛም በላይ። ስለዚህ 1 ኪሎ ጥሬ ብትቆሉ በግምት 830 ግራም ነው የምታገኙት። እንበልና ጥሬው ኪሎው 1,000 ብር ቢሆን፣ አንድ ኪሎ የተቆላ ውስጥ የ1,200 ብር ጥሬ አለ ማለት ነው፣ የቆላውና የፈጨው ሰው ድካም፣ ከሰልና ኪራይ ገና ሳይታሰብ። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚቀያየር የእኔን ቁጥር ተዉትና ሒሳቡን ያዙት፦ የዕለቱን የጥሬ ዋጋ ጠይቁ፣ በ1.2 አባዙ፣ የተፈጨው ከዛ በታች እየተሸጠ ከሆነ ወይ ጥሬው የተጣለ ዓይነት ነው ወይ አንድ ነገር ተቀላቅሎበታል፣ ገብስ ወይ ሽምብራ ወይ ገለባ። ቤት ውስጥ መሞከርም ይቻላል። ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ግማሽ ማንኪያ ነስንሱበት። ንጹህ የቡና ዱቄት ዘይት ስላለው አብዛኛው ላይ ይንሳፈፋል፣ ውኃውንም ቀስ እያለ ነው የሚያጠይመው፣ የተቆላ እህል ያለበት ግን ቶሎ ይሰምጣል፣ ቀለሙንም ወዲያው ይለቃል። እንደ ላብራቶሪ አትቁጠሩት ግን በጣም የተቀላቀለውን ያጋልጣል።

እሺ ወደ መፍጫው። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ነው በብዛት ያለው። አንዱ በመብራት የሚሠራ፣ ውስጡ እንደ ፕሮፔለር የሚሽከረከር ቢላ ያለው፣ ቅመም መፍጫ ብለው የሚሸጡት። ሁለተኛው በእጅ የሚዞር፣ ቁመቱ ስንዝር የምታህል ቱቦ፣ ላይዋ እጀታ ያላት፣ ውስጧ ሁለት ጥርስ አለ፦ መሃሉ ላይ እንደ ሾጣጣ ሆኖ የሚዞረው፣ ዙሪያውን ደግሞ እንደ ቀለበት ሆኖ የማይንቀሳቀሰው። ፍሬው በሁለቱ መካከል እየተሰበረ ይወርድና ክፍተቱን የሚያህል ሲሆን ከታች ያመልጣል። ያቺን ክፍተት በታች በኩል ባለች ቡሎን ታጠባላችሁ ታሰፋላችሁ፣ ቀጭን ወይ ወፍራም የሚሆነው በዚህ ነው። ቢላው ግን እንዲህ ዓይነት ልክ የለውም፣ ያገኘውን እየቆረጠ ነው፣ ስለዚህ ዱቄትም ስባሪም አንድ ላይ ታገኛላችሁ። ዱቄቱ ቶሎ ስለሚለቅ ይመርራል፣ ስባሪው ሳይለቅ ይቀርና ይጎመዝዛል፣ ሁለቱም አንድ ሲኒ ውስጥ።

ኦንላይን ላይ ስለ መፍጫ የሚያወሩ ሰዎችን ካያችሁ ርካሽ የእጅ መፍጫን ሲያጥላሉ ትሰማላችሁ፣ ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትተዉት። የሚሉት ነገር እውነት ነው፣ ግን ለእነሱ ቡና ነው እውነቱ። የርካሿ መፍጫ ድክመት መሃል ያለው ዘንግ መወዛወዙ ነው። ዘንጉ ሲወዛወዝ ክፍተቱ አንድ ጎን ሰፍቶ ሌላ ጎን ይጠባል፣ በተለይ ቡሎኑን አላልታችሁ ወፍራም ስትፈጩ። ወፍራም የሚያስፈልገው ደግሞ በወረቀት የሚጠለል ወይ ፍሬንች ፕሬስ የሚባለው ላይ ነው። ለጀበና ግን የምንፈልገው ቀጭን ነው፣ ቡሎኑ ጠበቅ ሲል ሁለቱ ጥርሶች ይቀራረቡና ዘንጉ የሚወዛወዝበት ቦታ ያጣል፣ አፈጫጨቱም እኩል ይሆናል። በዛ ላይ ጀበና ይፈላል፣ አተላውም ውስጡ ይቀመጣል፣ ትንሽ መለያየቱን ይችለዋል። በአጭሩ ጀበና ለሚያፈላ ሰው ርካሿ መፍጫ በደንብ ትበቃለች፣ እቃው ወረቀት ማጥለያ ለሆነ ሰው ግን ገንዘብ ካልጨመራችሁ ባትገዙ ይሻላል። ሞካ የምትባለዋ የምድጃ ማፍያ ላለውም ቀጭን ስለሆነ የሚፈጨው ያው ትሆናለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው፣ መጠኑ ላይ። ቤቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ ስንት ሲኒ ነው የሚቀዳው? አንድ ሲኒ 70 ሚሊ ያህል ይይዛል፣ ለአንድ ሲኒ ከ7 እስከ 8 ግራም ቡና ካሰባችሁ ስድስት ሲኒ የምትቀዳ ጀበና ከ40 እስከ 50 ግራም ትፈልጋለች (አቦሉን ነው የምቆጥረው፣ ቶናና በረካ በዛው አተላ ነው የሚፈሉት)። ትንሿ የእጅ መፍጫ የምትይዘው በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ግራም ነው፣ ቀጭን አድርጋ ያቺን ለመጨረስ ደግሞ ደቂቃዎች ይፈጅባታል። እንግዲህ ጎረቤት ጠርታ ሦስት ጊዜ ለምታፈላ እናት መፍጫዋን ብትሰጧት ሁለቴ ሞልታ ክንዷ ዝሎ በሦስተኛው ቀን ወደ ሙቀጫዋ ትመለሳለች፣ እውነቷንም ነው፣ ሙቀጫና ዘነዘና ለዛ መጠን ይፈጥናል፣ ለጀበናም አያንስም። ለእንዲህ ዓይነት ቤት ከመፍጫ ይልቅ ጥሩ ጥሬ ቡና ወይም ባለ ቢላው የመብራት መፍጫ ነው። ባለ ቢላውን ሲጠቀሙ ለ2 ወይ 3 ሰከንድ እየነኩ እየለቀቁ፣ በመሃል ነቅነቅ እያደረጉ መፍጨት ነው፣ ተጭነው ካቆዩት ቡናው ይሞቃል፣ ሞተሩም መሽተት ይጀምራል። መብራት ሲጠፋ ግን ጌጥ ነው፣ ይሄንን አስቡበት።

የእጅ መፍጫዋ ልኳ አንድ ወይ ሁለት ሰው ነው። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ፣ "ጋሼ፣ ለእህቴ ልደት ቡና ነክ ነገር ልገዛላት ነበር፣ ብዙ ብር የለኝም፣ ቆንጆ የሲኒ ስብስብ አይቻለሁ፣ ምን ትላለህ?" አለኝ። እህቱ ነርስ ናት፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ አዳር ስትሆን ጠዋት ከመተኛቷ በፊት ሳይሆን ማታ ከመውጣቷ በፊት ነው የምትጠጣው፣ ሁለት ሲኒ፣ ከትንሽዬ ጀበና፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ መብራት ከጠፋ በከሰል። ቡናውን ከየት ነው የምታመጣው ስለው "ከሰፈር ሱቅ የተፈጨ" አለኝ። ሲኒውን እርሳው አልኩት።

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ሁለት ሲኒ ማለት 16 ግራም ገደማ ነው፣ ትንሿ መፍጫ አንዴ ተሞልታ ትጨርሰዋለች፣ ስለዚህ መጠኑ ልክ ነው። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቢገዛላት ተቆልቶ ወደ 415 ግራም ይሆናል፣ በ16 ስናካፍለው 26 ቀን ገደማ ያስጠጣታል። ባጀቱን በ10 ከፈልነውና 6ቱን ለመፍጫ፣ 3ቱን ለቡና፣ 1ዱን ክዳኑ ግጥም ለሚል የብርጭቆ ማሰሮና ለትንሽ ብሩሽ አደረግነው። ለብሩሽ አዲስ የቀለም ብሩሽ ነው የገዛው፣ ከልጆች የጽሕፈት መሣሪያ ጋር የሚሸጠው፣ ጥርሱ ላይ የሚቀረውን ዱቄት ለመጥረግ ከእሱ የሚሻል የለም። እሷ መቁላት ትችላለች ግን ሁልጊዜ ጊዜ የላትም፣ ስለዚህ ከግማሽ ኪሎው 120 ግራሙን እናቱ ቆልታ ማሰሮው ውስጥ ገባ፣ የቀረው ጥሬውን በጨርቅ ከረጢት። የተቆላው የሳምንት መሞከሪያ ይሆናታል፣ ሌላውን በእረፍቷ ቀን ትቆላዋለች።

መፍጫዋን ሱቅ ውስጥ እንዴት እንደሞከረ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ምንም አይነግራችሁም። መጀመሪያ ባዶዋን አዙሯት። ቡሎኑ በጣም ሳይጠብቅ ብረት ከብረት ወይ ሸክላ ከሸክላ ሲፋጭ ከሰማችሁ ዘንጉ ጠሟል። ቀጥሎ የታችኛውን ዱቄት መያዣ ፈትታችሁ ገልብጧት፣ መሃል ያለውን ሾጣጣ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። ትንሽ መንቀሳቀሱ አይቀርም፣ ግን እንደ ላላ ጥርስ ጎን ለጎን የሚሄድ ከሆነ ሌላ አስመርጡ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ካሉት ሦስቱ እንኳን አንድ አይደሉም። ከዛ እጀታው ዘንጉ ላይ የሚቀመጥበትን ቀዳዳ እዩት፣ ባለ ስድስት ወይ ባለ አምስት ጎን ነው፣ ቀጭን ቆርቆሮ ከሆነ በወራት ውስጥ ይፈግጥና እጀታው ብቻውን ይዞራል፣ የእነዚህ መፍጫዎች ዋና አሟሟት ይሄ ነው። ወፈር ያለ ብረት የሆነውን ውሰዱ። መጨረሻ ላይ ቱቦዋን ጨብጡት፣ እጃችሁ ዙሪያዋን ካልያዘ ስትፈጩ ትሾልካለች፣ ለሴት ልጅ ስትገዙ ደግሞ የእሷን እጅ አስቡ።

ጥርሱ ሸክላ ነው ወይስ ብረት? ሻጩ ሁሉንም "ስቲል" ይላችኋል፣ ብቻ ሲታይ ነጭ ከሆነ ሸክላ ነው። ትንሽ ማግኔት ካላችሁም አስጠጉት፣ ሸክላ አይስብም። ሸክላው አይዝግም፣ ርካሽ ነው፣ ግን ጠጠር አይችልም። የእኛን ሀገር የገበያ ቡና ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ መሬት ላይ ስለሚሰጣ ጠጠር አያጣውም። በሙቀጫ ስንወቅጥ ጠጠሩ ቢገባ ከመንኮሽኮሽ አያልፍም፣ እዚህ ግን የጥርሱን ጫፍ ይሸርፈዋል፣ ከዛ በኋላ መፍጫዋ ወፍራምና ቀጭን እየቀላቀለች ትቀራለች። ስለዚህ መፍጫና ቡና አብራችሁ የምትሰጡ ከሆነ ቡናውን እናንተ ልቀሙት፣ ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ አንድ በአንድ። ሳይለቀም የተሰጠ ቡና ስጦታውን ራሱ ሊሰብረው ይችላል።

ቡናውን በተመለከተ እዚህ አካባቢ ያለን ሰዎች ዕድለኞች ነን፣ ዘጌ ከአጠገባችን ነው። በገዳማቱ ደን ውስጥ፣ ትልልቅ ዛፍ ጥላ ስር የሚበቅል ቡና ነው፣ ዘጌ ላይ በበሬ ማረስ ድሮ ጀምሮ ክልክል ስለነበረ ነው ደኑ የተረፈው፣ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ቆራርጠው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ አበቀሉ የሚለውን ታሪክ ጀልባ ላይ የሚያስጎበኘው ልጅ ሁሉ ይነግራችኋል። ቡናው የሚደርቀው ከነገለባው ነው፣ ጀንፈል የምንለው፣ የታጠበ አይደለም። እንደዚህ ያለ ቡና ጣሙ ከበድ ይላል፣ እንደ ታጠበ ይርጋጨፌ አበባ አበባ አይልም። ለጀበና እኔ ይሄንን ነው የምመርጠው፣ ግን ስጦታው ለእናንተ አይደለምና ሰውየው የለመደውን ጠይቁ፣ ቀለል ያለና ጎምዘዝ የሚል የሚወድ ከሆነ የታጠበ ይርጋጨፌ ወይ ሲዳማ ግዙለት። ሐረርም ከነገለባው የሚደርቅ ነው ግን የራሱ ሽታ አለው፣ የወደደው ሌላ አይነካም።

ከገበሬው ጀንፈል ብትገዙ ዋጋው ረክሶ ይታያችኋል፣ ግን በግምት ግማሹ ገለባ ነው፣ 2 ኪሎ ጀንፈል ተወቅጦ ተነፍቶ 1 ኪሎ ፍሬ ቢወጣው ነው። ለስጦታ የተፈለፈለው ይሻላል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ስትገዙ ከጆንያው አፍ ሳይሆን እጃችሁን ከተት አድርጋችሁ ከመሃል ዝገኑ፣ ላይኛው ሁልጊዜ የተመረጠ ነው። መዳፋችሁ ላይ ዘርግታችሁ እዩት፦ ጥቁር ፍሬ፣ ነቀዝ የበሳው፣ ስባሪ ከበዛ እለፉት፣ አንድ ጥቁር ፍሬ እንኳን ሲኒውን ሙሉ ሊያከፋው ይችላል። አሽትቱት፣ ጥሬ ቡና ሣር ሣር ወይ እህል እህል ነው የሚለው፣ ሻጋታ ወይ ጭስ ወይ ናፍጣ ከሸተታችሁ መቁላት አያጠፋውም። አንድ ፍሬ በጥርሳችሁ ንከሱ፣ የደረቀ ቡና እምቢ ይላል፣ ጥርሳችሁ ከገባበት እርጥበት አለው። ይሄ ክረምት ላይ ዋና ጉዳይ ነው፣ ከሐይቁ አጠገብ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በላስቲክ ታስሮ የቆየ ጥሬ ቡና ይሻግታል፣ በክብደትም ውኃ ነው የምትገዙት። ዘጌ የሚለቀመው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ስለሆነ ከየካቲት በኋላ "አዲስ ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ ያስኬዳል፣ ጥቅምት ላይ አዲስ ነው የሚላችሁ ሰው ግን ያምናውን ነው የሚሸጥላችሁ።

የሚቀበለው ሰው ጨርሶ የማይቆላ ከሆነ ተቆልቶ የታሸገ ግዙለት፣ ፍሬውን ማለቴ ነው። ማሸጊያው ላይ የተመረተበት ቀን ሳይሆን የተቆላበት ቀን ካለ ጥሩ ምልክት ነው፣ ከወር በላይ ከሆነው ግን ተዉት። አንዳንዱ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለች፣ ጋዙን ወደ ውጭ አስወጥታ አየር የማታስገባ። እሷ ካለች ማሸጊያውን ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉና አሽትቱ፣ ውስጡ ያለው ሲኒ ላይ የሚጠብቃችሁ ራሱ ነው።

አሁን ኩባያ። ሰውየው ቢሮ ውስጥ በትልቅ የሚጠጣ ከሆነ ማግ ስጦታ ነው፣ ያልሆነ ነገር አይደለም፣ ግን ሥዕሉን ትታችሁ እቃውን እዩ። ጥፍራችሁን ከንፈሩ ላይ አንኳኩ፣ ደህናው እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያለበት ደፈን ያለ ድምፅ ነው ያለው፣ ትኩስ ሲገባበት ይለያያል። እጀታው ውስጥ ሁለት ጣት ሳይነካ ይግባ፣ አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባው ሞቆ ያቃጥላል። ወፍራሙ ሙቀት ይይዛል የሚባለው እውነት ነው ግን ቀዝቃዛ ወፍራም ኩባያ መጀመሪያ ከቡናው ሙቀት ይጠጣል፣ ስለዚህ በሙቅ ውኃ ለቅለቅ ካላደረጉት ጥቅሙ አይታይም። ውስጡ ቀለም የተቀባ ወይ ሥዕል ያለበት አትግዙ፣ ውጪው ይበቃል።

ሸክላ ጀበና መስጠት የሚፈልግ ካለ ደግሞ ውኃ ሞልቶ ሩብ ሰዓት ማቆየት ነው፣ ሻጯ አትቆጣም። ላብ ላብ ማለቱ የአዲስ ሸክላ ጠባይ ነው፣ አንዱ ቦታ ላይ ብቻ ጠብታ ከወጣ ግን ስንጥቅ አለ። አዲስ ጀበና አፈር አፈር ስለሚል በአተላ ደጋግሞ ማፍላት ይፈልጋል፣ ያንን እናንተ ጨርሳችሁ ብትሰጡ ከጀበናው በላይ ስጦታው ድካሙ ነው። ከነማቶቱ ስጡ፣ ያለዚያ ቆሞ አይቀመጥም።

ቴርሞሜትር ያለበት ማንቆርቆሪያ የሚባል ነገር ቪዲዮ ላይ አይታችሁ ከሆነ ግን ብራችሁን አታውጡ። የሚገዛው ውኃው 100 ዲግሪ ስለሚደርስ ቡናው እንዳይቃጠል ወደ 93 ወይ 95 ለማውረድ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ከዛ በላይ ክፍት ዕቃ ላይ አይወጣም። የውጭዎቹ በዕቃ የሚያገኙትን እኛ ከፍታው በነፃ ሰጥቶናል።

የነርሷን መፍጫ ላይ አንድ ነገር ጨምረን ነበር፣ ብጣሽ ወረቀት ላይ የቡሎኑን ልክ። መፍጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘ ሰው የት ላይ እንደሚያቆመው ስለማያውቅ በጣም አጥብቆት እጁ ይደክማል ወይ አላልቶት ቀጭን ሻይ የመሰለ ቡና ይጠጣና መፍጫዋን ይጠላል። ልኩ እንዲህ ይገኛል፦ ቡሎኑን እጀታው መዞር እምቢ እስኪል አጥብቁ፣ ከዛ ጥርሱ ሳይነካካ በቀላሉ እስኪዞር ድረስ ወደ ኋላ ፍቱት፣ ከዛ ነጥብ በኋላ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ሁለት ወይ ሦስት ጨምሩ። አንድ ማንኪያ ፍጩና በሁለት ጣት እሹት። እንደ በርበሬ ዱቄት ልም ብሎ ጣት ላይ ከተለጠፈ ጀበናው ውስጥ አይዘቅጥም፣ ሲኒው ደፍርሶ ይቀዳል፣ አንድ ቀጭ ፍቱ። ፍሬ ፍሬው በዓይን ከተለየ አንድ ቀጭ አጥብቁ። ትንሽ ሻከር ሲል ደርሷል። የአክስቴ ልጅ ያንን ሁሉ ሞክሮ ሦስት ቀጭ ላይ አገኘውና ወረቀቱ ላይ "ከተነካካበት 3 ወደ ኋላ፣ ከተፈላ በኋላ 4 ደቂቃ ዘንበል አድርገሽ አስቀምጪው፣ በውኃ አትጠቢው፣ ኮረሪማ አትፍጪበት" ብሎ ጻፈላት። ኮረሪማውን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አንዴ ከገባበት ሽታው ጥርሱ ላይ ለሳምንታት ይቀራል፣ ጤና አዳም የሚወድ ሰው ግን ሲኒው ላይ ስለሚያደርግ አይነካውም።